«በአማካይ 10 ዓመት ይኖራሉ» ተብሎ የዕድሜ ልክ ክፍያ አይተመንም

ጥያቄ፦ «አጎቴ 70 ዓመታቸው ነው። ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ሰፈር የነበረችውን ቤታቸውን ሸጠው ለልጆቻቸው ካካፈሉ በኋላ 850 ሺህ ብር ቀርቷቸዋል። አንድ የሚያውቋቸው ነጋዴ ‹ብሩን ለእኔ ይስጡኝ፤ በሕይወት እስካሉ ድረስ በየዓመቱ 120 ሺህ ብር እሰጥዎታለሁ› አሏቸው። ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ ‹በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በአማካይ 10 ዓመት ይቆያል› ብሎ በ7 በመቶ ወለድ ሲያሰላው 843 ሺህ ገደማ መጣ። ‹ልዩነቱ 7 ሺህ ብር ብቻ ነው፣ ይቀበሉ› አለኝ። ልክ ነው?»

ምላሽ፦

ልክ አይደለም ወንድሜ። ጓደኛህን ግን አትውቀሰው። የወለዱን ሒሳብ አሳምሮ ነው የሠራው፤ እኔም ደግሜ አስልቼው 842,830 ብር መጣልኝ። ችግሩ ያ ቁጥር የሌላ ዕቃ ዋጋ መሆኑ ነው። ሰውየው ኖሩም ሞቱም በትክክል 10 ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ዋጋ ነው። ነጋዴው ያቀረቡት ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚከፈል ማንም የማያውቀው ክፍያ ነው። አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ 22 ጊዜም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አልጻፍክልኝም። የመጀመሪያው 120 ሺህ የሚከፈለው መቼ ነው? ብሩን ባስረከቡ ቀን ነው ወይስ ዓመት ሲሞላ? ጓደኛህ ዓመት ሲሞላ ብሎ ነው ያሰላው። ለጊዜው እኔም እንደሱ ልሂድ፤ በኋላ ግን እመለስበታለሁ፤ የአጎትህን ውሳኔ ሊገለብጥ የሚችለው እሱ ስለሆነ።

ሰፈር ውስጥ አንድ ሌላ ክርክር እንዳለ ስለማውቅ አስቀድሜ ላንሳው። «የኢትዮጵያ ሰው አማካይ ዕድሜ ስልሳዎቹ ውስጥ ነው፤ እሳቸው 70 ሞልቷቸዋል፤ እንግዲህ ትርፍ ላይ ናቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ቁጥር ገና ሲወለድ ላለ ሕፃን የሚሰላ ነው። በጨቅላነታቸው የሞቱት ሁሉ አማካዩን ወደ ታች ይጎትቱታል። 70 የደረሰ ሰው ያንን ሁሉ ያለፈ ነው፤ ለእሱ የሚጠየቀው «70 ከደረሱት ውስጥ ስንቱ 71 ይደርሳል፣ ስንቱ 72» የሚለው ነው። ጓደኛህ ቢያንስ እዚህ ላይ አልተሳሳተም፤ ከ70 በኋላ የሚቀረውን ነው የወሰደው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

እኛ የመድን ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች ስለ አንድ ሰው ዕድሜ መተንበይ አንወድም። አጎትህ መቼ እንደሚሞቱ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ካለ ደብተራ ቤት ይሂድ። የምናደርገው 100 እኩያ ሰዎችን በሐሳብ መሰብሰብ ነው። 100 የ70 ዓመት ሰዎች ዛሬ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተሰብስበዋል እንበል። በየዓመቱ በዚሁ ቀን እየመጣን በሕይወት ያሉትን እንቆጥራለን። ቁጥሩ እንዲህ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከላይ በስተግራ ጀምረህ ወደ ቀኝ አንብበው፣ የመጀመሪያው ዓመት ሲሞላ 97፣ ሁለተኛው ሲሞላ 94፣ እያለ፦

```
97 94 90 86 81 76 70 64 58 52 46
40 34 29 24 19 15 11  7  4  2  1
```

ይህንን ሠንጠረዥ ለማስረዳት ብዬ እኔው ነኝ ያዘጋጀሁት፤ የየትኛውም አገር ቆጠራ አይደለም። ሆን ብዬ ደግሞ አማካዩ ከጓደኛህ ጋር እንዲገጥም አድርጌዋለሁ። 22ቱን ቁጥሮች ደምራቸው፤ 1000 ይመጣል። ለ100 ሰው ስታካፍለው 10። ማለትም አንድ ሰው በአማካይ 10 ክፍያ ይቀበላል። ስለዚህ እኔና ጓደኛህ ስለ ዕድሜ ምንም ጠብ የለንም፤ ሁለታችንም 10 ነው የምንለው። እንዲያም ሆኖ መልሳችን ይለያያል። ነገሩን ያመጣሁት ለዚህ ነው።

እያንዳንዱን ክፍያ ለየብቻው እንይ። የመጀመሪያው 120 ሺህ ለአጎትህ የሚደርሰው ዓመት ሲሞላ በሕይወት ካሉ ነው፤ ይህ ዕድል ከ100 97 ነው። በተጨማሪም ገንዘቡ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ከዓመት በኋላ የምታገኘው 1 ብር በ7 በመቶ ወለድ የዛሬ ዋጋው 93 ሳንቲም ተኩል ያህል ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ 93 ሳንቲም ተኩል ባንክ ብታስቀምጥ በዓመቱ 1 ብር ይሆናል። እንግዲህ 120,000ን በ0.97 አባዛ፣ ከዚያ ለ1.07 አካፍል፤ 108,785 ብር። የመጀመሪያው ክፍያ የዛሬ ዋጋ ይኸው ነው።

አሥረኛው ክፍያ ጋ ስንደርስ በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከ100 52 ነው። አሥር ጊዜ ለ1.07 ስታካፍለው ደግሞ 1 ብር ወደ 51 ሳንቲም ይወርዳል። ሁለቱ ተባብረው ያንን 120 ሺህ 31,721 ብር ያደርጉታል። ሃያኛው ክፍያ? 1,240 ብር። አንድ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይገዛም። ሰው ግን ውል ሲፈርም «እስከ 90 ዓመቴ ይከፈለኛል» በሚለው ነው ልቡ የሚሞቀው።

22ቱን እንዲህ እያሰላህ ደምረው። በስልክህ ወይም በኮምፒውተር ኤክሴል ካለህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከሁለተኛው መስመር ጀምረህ A ዓምድ ላይ ከ1 እስከ 22፣ B ላይ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች፣ C ላይ የዛሬ ዋጋ መለወጫውን፦

```
C2:  =1/1.07^A2
E2:  =120000*SUMPRODUCT(B2:B23,C2:C23)/100
```

የC2ን ወደ ታች እስከ C23 ጎትተው። E2 ላይ 781,004 ይመጣልሃል። የአጎትህ የዕድሜ ልክ ክፍያ ፍትሐዊ ዋጋ፣ ዓመት ሲሞላ የሚከፈል ከሆነ፣ ይኸው ነው። ነጋዴው የጠየቁት 850 ሺህ ከዚህ በ69 ሺህ ብር ይበልጣል። ጓደኛህ «7 ሺህ ብቻ» ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህንን ካልገባህ ሒሳቡን ማመን ይከብድሃል፤ ስለዚህ ቀስ እያልን እንሂድ።

ጓደኛህ 10 ክፍያዎችን በሙሉ የደረደራቸው ከ1ኛው እስከ 10ኛው ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእኔ ሠንጠረዥ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር ቁጥሮች ብትደምር 768 ነው የምታገኘው። በአማካይ 7.68 ክፍያ ማለት ነው። አሥር አልሞላም፤ 2.32 ጎደለ። ለምን? አንዳንዱ ሰው በሦስተኛው፣ አንዳንዱ በስድስተኛው ዓመት ስለሚሞት። የጎደለው 2.32 የት ሄደ? ከ11ኛው ዓመት ጀምሮ ነው ያለው፤ 15 እና 20 ዓመት የሚቆዩት ሰዎች ጋ። ብዛቱ እኩል ነው፤ 7.68 እና 2.32 አሥር ይሞላል። ቦታው ግን ተቀየረ። ቶሎ ይመጣ የነበረ ገንዘብ ዘግይቶ የሚመጣ ሆነ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ገንዘብ ደግሞ ዛሬ ሲተመን ርካሽ ነው። በብር ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 172 ሺህ ገደማ ይቀነሳል፣ ከ11ኛው ዓመት ጀምሮ ባለው 110 ሺህ ገደማ ይመለሳል። የሁለቱ ልዩነት 62 ሺህ ገደማ ነው፤ በ842,830 እና በ781,004 መካከል ያለው ያው ነው።

አሁንም ካልታየህ ሁለት ሽማግሌ ብቻ ውሰድ። አንዱ የዘጌ ሰው ናቸው፣ 18 ክፍያ ይቀበላሉ። ሌላው የሽምብጥ፣ 2 ተቀብለው ያርፋሉ። አማካያቸው 10 ነው። የዘጌው ሰውዬ ክፍያ የዛሬ ዋጋ 1,207 ሺህ ብር ነው፤ የሽምብጡ 217 ሺህ። አማካዩ 712 ሺህ። እንግዲህ 843 ሺህ የት አለ? የዘጌው ሰው ከአሥር በላይ 8 ክፍያ ቢጨምሩም ሩቅ ስለሆነ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ የሽምብጡ ያጡት 8 ክፍያ ግን ቅርብ ቅርቡ ነው። ሕይወት ይበልጥ በተበታተነች ቁጥር፣ ማለትም አንዳንዱ ቶሎ አንዳንዱ እጅግ ዘግይቶ በሞተ ቁጥር፣ በአማካይ ዕድሜ የሚሠራው ሒሳብ ይበልጥ ከእውነቱ በላይ ይሄዳል። ሁልጊዜም ወደ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ወለድ እስካለ ድረስ ወደ ታች አይሳሳትም። ስለዚህ ገዢውን ነው የሚጎዳው፤ እዚህ ገዢው አጎትህ ናቸው።

የሠራኸው ኤክሴል ትክክል መሆኑን የምታይባቸው ሁለት መፈተኛዎች አሉ። በC ዓምድ ሁሉ 1.07 ያለውን 1.00 አድርገው፤ ወለድ ከሌለ መልሱ 1,200,000 መምጣት አለበት፣ 10 ሲባዛ 120 ሺህ። ከዚያ ወለዱን መልሰህ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቁጥሮች በሙሉ 100 አድርጋቸው፣ የቀሩትን ዜሮ፤ ያኔ የጓደኛህ 842,830 መምጣት አለበት። ሁለቱም ከመጡ ቀመሩ ልክ ነው። አንዱ ካልመጣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንድ መስመር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መንሸራተቱ ነው።

ይህንን የማውቀው ራሴ ተንሸራትቼ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ ማኅበር እንዲህ ዓይነት ትመና ሠራሁ። ዓመቶቹን ከ1 መጀመር ሲገባኝ ከ0 ጀመርኳቸው፤ በዜሮው ዓመት ሁሉም በሕይወት ስለሆኑ 100 ከሙሉ ዋጋው ጋር ገባልኝ። መልሱ ያማረ ነበር፤ ማንም አልጠረጠረም። አንዲት በሥራው ያረጁ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እትዬ እንላቸው ነበር፣ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ልጄ፣ ገና ብር ሳይሰጡህ ነው የምትከፍላቸው?» አሉኝ። ያፈርኩት እስካሁን አይረሳኝም። የተጨመረው አንድ ሙሉ ክፍያ ነበር።

ይህም የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ነው ወዳልኩህ ጥያቄ ይመልሰኛል። በአጎትህ ጉዳይ የመጀመሪያው 120 ሺህ ብሩን ባስረከቡበት ቀን የሚከፈል ከሆነ፣ ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ቀን የሚቀጥል ከሆነ፣ ዋጋው 781 ላይ ሙሉ 120 ሺህ ይጨምርና 901,004 ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍያ የመሞት አደጋም የወለድ ቅናሽም የለበትምና። ያኔ 850 ሺህ የሚጠይቁት ነጋዴ ከሳሪ ናቸው፤ አጎትህ ሮጠው ይፈርሙ። በየወሩ 10 ሺህ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ መሐል ላይ ነው። በሥራችን የምንጠቀምበት አቋራጭ አለ፤ ዓመት ሲሞላ በሚከፈለው ላይ የዓመቱን ክፍያ 11/24 መጨመር ነው። 55 ሺህ ስትጨምርበት 836 ሺህ ገደማ ይሆናል። ጭማሪው የሚመጣው ገንዘቡ በየወሩ ቀደም ቀደም እያለ ስለሚገባ እና በሚሞቱበት ዓመትም የኖሩባቸው ወሮች ስለሚከፈሉ ነው። እንግዲህ ተመልከት፤ ያው 120 ሺህ፣ ያው ሰው፣ ያው ወለድ፤ 781፣ 836 ወይም 901 ሺህ። ነጋዴው «በዓመት 120» ሲሉ የትኛውን ነው? ስለ ዕድሜ ከመከራከራችሁ በፊት ይህንን ጠይቋቸው።

አሁን ከነጋዴው ወገን ሆነን እንየው፤ ፍትሐዊ ዋጋ ያልኩት ከየት እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። መቶው ሰዎች እያንዳንዳቸው 781,004 ብር አዋጡ እንበል። ካዝናው ውስጥ 78.1 ሚሊዮን አለ። ዓመቱ ሲሞላ በ7 በመቶ 83.57 ሚሊዮን ሆነ። 97 ሰው 120 ሺህ ሲወስድ 11.64 ሚሊዮን ወጣ፤ 71.93 ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ወለዱ ሲጨመር 76.96፣ 94 ሰው ሲከፈለው 65.68 ሚሊዮን ይቀራል። እንዲህ እያልክ ብትሄድ በ22ኛው ዓመት የመጨረሻው ሰው 120 ሺህ ብሩን ሲቀበል ካዝናው ልክ ባዶ ይሆናል። አይተርፍም፣ አይጎድልም። ኤክሴሉ የሰጠህ ቁጥር ትርጉሙ ይኸው ነው።

እዚህ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ባንክ ብታስቀምጥ 7 በመቶ ነው የምታገኘው። በዚህ ካዝና ውስጥ ግን በመጀመሪያው ዓመት ለቆዩት 97 ሰዎች ድርሻቸው ያደገው 10.3 በመቶ ነው፤ 1.07ን ለ0.97 አካፍለው። ትርፉ የሦስቱ ሟቾች ድርሻ ነው፤ ወራሽ አይወስደውም፣ ለቀሩት ይከፋፈላል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይህ ጭማሪ ይበልጥ እየከበደ ይሄዳል። ነገሩ ዕድርን የገለበጠ ነው። ዕድር ስትሞት ለቤተሰብህ ይከፍላል፤ ይኸኛው እስክትሞት ለራስህ ይከፍልሃል፣ ስትሞት ያቆማል። በዕድር ቶሎ የሞተው ይጠቀማል (መጠቀም ከተባለ)፤ በዚህኛው የቆየው።

ከዚህ የሚከተለው የአጎትህ ነጋዴ ካዝና የላቸውም የሚለው ነው። መቶ ሰው የላቸውም፤ አንድ ሰው ነው ያላቸው። በመቶ ሰው ላይ 10 ዓመት የሚለው አማካይ ይሠራል፤ አንዱ ቢቀድም ሌላው ይዘገያል። በአንድ ሰው ላይ ግን አማካይ የሚባል ነገር የለም። ወይ ቶሎ ይሞታሉ፣ ወይ ይቆያሉ። በፈረንሳይ የሆነውን ልንገርህ። በፈረንጆቹ 1965 አንድሬ ፍራንስዋ ራፍሬ የሚባሉ የሕግ ሰው ዣን ካልማ ከሚባሉ የ90 ዓመት ሴት ጋር ተዋዋሉ። በየወሩ 2,500 ፍራንክ ሊከፍሏቸው፣ ሲሞቱ ቤቱን ሊወርሱ። የ90 ዓመት አሮጊት ስንት ዓመት ይቆያሉ ብለው ነው። ራፍሬ ራሳቸው በ1995 ሞቱ፤ ሴትዮዋ በሕይወት ነበሩ። ክፍያውን ባለቤታቸው ቀጠሉ፤ ካልማ በ1997 በ122 ዓመታቸው አረፉ። እስከዚያ የተከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር።

ነጋዴውን ለማስፈራራት አይደለም ይህንን ያመጣሁት፤ አጎትህን ለማስጠንቀቅ ነው። አጎትህ 92 ቢገቡ 22 ክፍያ ነው፣ 2.64 ሚሊዮን ብር። 15 ዓመት ሙሉ ከፍለው የተበሳጩ ነጋዴ፣ ወይም ነጋዴው ሞተው ልጆቻቸው፣ «ይበቃዎታል» ቢሉስ? ገንዘቡ በጣም የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው፣ ከ85 በላይ ሆነው፣ መሥራት ሳይችሉ። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ፣ በምስክር፣ ወራሾቹንም የሚያስገድድ፣ ቤት ወይም መኪና በመያዣ የተያዘበት ካልሆነ ኤክሴል ላይ ያለው 97 እና 94 ሁሉ ዋጋ የለውም። ሠንጠረዡ የአጎትህን ሞት ነው የሚቆጥረው፤ የነጋዴውን ኪሳራ አይቆጥርም። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መድን ድርጅት ቢሆን 69 ሺህ ጭማሪው ለሥራ ማስኬጃና ለመጠባበቂያ ነው እል ነበር፤ ከፍትሐዊ ዋጋው 9 በመቶ ያህል ነው፣ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለአንድ ግለሰብ ግን 9 በመቶ ለምኑ ነው የምትጨምርለት?

ስለ ሠንጠረዡ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ለ70 ዓመት ሰው አማካዩ 10 ነው ያልነው ለምሳሌ ያህል ነው። ሴቶች በአብዛኛው ከወንዶች ይበልጥ ይቆያሉ፤ አክስትህ ቢሆኑ ኖሮ ያው 120 ሺህ የበለጠ ዋጋ ያወጣ ነበር። ደግሞ እንዲህ ያለ ውል የሚገባ ሰው ማን ነው? ሳሉ ያጣደፈው፣ ስኳሩ ያስቸገረው ሰው 850 ሺህ ብሩን ለዕድሜ ልክ ክፍያ አይሰጥም፤ ጤነኛው ነው የሚሰጠው። ስለዚህ መድን ድርጅቶች ለእንዲህ ዓይነት ክፍያ የሚጠቀሙት የሞት ሠንጠረዥ ከሕዝቡ ሠንጠረዥ ረዘም ያለ ዕድሜ ያሳያል። አጎትህ አሁንም በእግራቸው ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጡ ከሆነ የእኔ 781 ለእሳቸው ትንሽ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። የልብ ሕመም ካለባቸው ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ያኔ ውሉን ባይነኩት ይሻላል።

ዕድሜን ችላ ብሎ መተመን አዲስ ጥፋት አይደለም። በፈረንጆቹ 1693 የእንግሊዝ መንግሥት ለጦርነት ገንዘብ ሲሰበስብ የዕድሜ ልክ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ለሁሉም ዕድሜ አንድ ዓይነት፣ 100 ለሰጠ በዓመት 14። ማለትም የዓመቱን ክፍያ 7 እጥፍ ነው የምትከፍለው፣ የ10 ዓመት ልጅ ስምም ብታስገባ፣ የ70 ዓመት ሽማግሌም። በዚያው ዓመት ኤድመንድ ሃሊ፣ ያ በጅራታም ኮከቡ የምናውቀው ሰው፣ ብሬስላው ከምትባል ከተማ የሞት መዝገብ ሠንጠረዥ ሠርቶ ልክ እኛ አሁን እንዳደረግነው እያንዳንዱን ክፍያ በመኖር ዕድል እና በወለድ አስልቶ ደመረ። በ6 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ልጅ 13.44 እጥፍ፣ ለ70 ዓመት ሰው 5.32 እጥፍ መጣለት። መንግሥት ለልጆች በግማሽ ዋጋ ነበር የሚሸጠው። የእኛ የአጎትህ ቁጥር 6.51 እጥፍ ነው።

ወለዱስ? 7 በመቶን የወሰድነው ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 ስላሳደገው ነው፤ አጎትህም ብሩን ባንክ ቢያስቀምጡ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው። ነጋዴው ግን ብሩን ወስደው ሲነግዱበት ከ7 በላይ ነው የሚያገኙት። በ10 በመቶ ብታሰላው ዋጋው ወደ 671 ሺህ ይወርዳል። ለዚህ ነው 850 ሺህ ለእሳቸው ጥሩ ንግድ የሚሆነው። ወለድ ሲጨምር ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል።

የኑሮ ውድነቱን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ክፍያው በብር የተወሰነ ነው፤ 120 ሺህ ሁልጊዜ 120 ሺህ። የገበያው ዋጋ በዓመት 7 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ (ብቻ ነው ያልኩት) በአሥረኛው ዓመት ያ 120 ሺህ የዛሬውን 61 ሺህ ብር ያህል ነው የሚገዛው። ሠንጠረዡ ይህንንም አይነግርህም። ክፍያው በየዓመቱ በ5 በመቶ እያደገ እንዲሄድ ብትጠይቁ የሚጀምረው ከ120 ያነሰ ይሆናል፤ ለ75 ዓመት ሰው ግን ጉዳዩ የዳቦ ነው።

አጎትህ አሁንም ልባቸው ወደ ውሉ ካደላ የምመክረው ይህንን ነው። መጀመሪያ በየዓመቱ መጀመሪያ ወይም በየወሩ እንዲከፈል ጠይቁ። እምቢ ካሏቸው ዋጋው ወደ 780 ይውረድ። ያም ካልሆነ «ቢሞቱም የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ክፍያ ለልጆቻቸው አይቀርም» የሚል አንቀጽ ይግባ። ይህ አንቀጽ ነጋዴውን በዛሬ ዋጋ 48,500 ብር ያህል ያስወጣቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቁጥሮች 100 አድርገህ ራስህ ማየት ትችላለህ። ውሉ 829,500 ይደርሳል፣ ከ850 ጋር ያለው ልዩነት ወደ 20 ሺህ ይጠባል። ነጋዴው ይህንን አንቀጽ ሲሰሙ ፊታቸው ቢለወጥ አጎትህን ስንት ዓመት እንደሚቆዩ አድርገው እንዳሰቧቸው ታውቃለህ።